ስለ ውጤት አቤቱታ አጻጻፍ፤ ምሕረት መለመንና ምርመራ መጠየቅ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የኮሌጅ ተማሪ በአንድ ትምህርት ያገኘው ውጤት እንደገና እንዲታይለት የሚያቀርበው ማመልከቻ እንዴት ቢጻፍ ግልጽም አክብሮት ያለውም ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ማመልከቻ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀረው ሁልጊዜ ተማሪው እውነት ስለሌለው አይደለም። እውነቱ በልመና ወይም በወቀሳ ተሸፍኖ ለመርማሪው ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያ ይህ የልመናና የወቀሳ አጻጻፍ ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎም ዛሬ ማመልከቻውን የሚቀበለው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን ሊያደርግ እንደማይችል፣ በመጨረሻም አንድ ምሳሌ ወስደን ማመልከቻው ቃል በቃል እንዴት እንደሚጻፍ እንመለከታለን።

አቤት የማለት ልማድ

አቤቱታ የሚለው ቃል አቤት ከማለት ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሲጠራ አቤት ይላል፤ የተበደለም ሰው ከዳኛ ፊት ቆሞ አቤት ይላል። በቀድሞው ዘመን ከበታች ዳኞች ፍርድ ያጣ ሰው አቤት እያለ እስከ ንጉሡ ድረስ ይዘልቅ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎትም የዘውዱ አገዛዝ እስካበቃበት እስከ 1967 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ የአቤት ባዮች የመጨረሻ ተስፋ ሆኖ ቆይቷል። የዚያ ችሎት ልዩ ጠባይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሕግ ከተጻፈው በላይ ርትዕን አይተው ሊፈርዱና ምሕረትም ሊያደርጉ መቻላቸው ነው። አቤት ባዩም ይህን ስለሚያውቅ ከጉዳዩ ይልቅ ችግሩን ያስቀድም ነበር። ድኽነቱን፣ የልጆቹን ብዛት፣ ከእግዚአብሔር በታች ሌላ ተስፋ እንደሌለው ይናገራል። ይህ ለዚያ ቦታ ያለቦታው የገባ ንግግር አልነበረም። ምሕረት ማድረግ ለሚችል ሰው የምሕረትን ምክንያት መንገር ተገቢ ነውና።

ይህ አነጋገር በጽሑፍም ገብቶ ቀረ። በፍርድ ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ተቀምጠው ለባለ ጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጻፊዎች፣ የታወቀ መግቢያና የታወቀ መዝጊያ አላቸው። ተማሪውም ማመልከቻ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣለት ይኸው ከአባቶቹና ከጎረቤቶቹ ጉዳይ የሚያውቀው አጻጻፍ ነው። ችግሩ የሚነሣው ይህ አጻጻፍ ወደ ትምህርት ክፍል ሲገባ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ዙፋን ችሎት የለውም። ለአንድ ተማሪ አዝኖ ነጥብ ሊጨምር አይችልም፤ ቢጨምርም በሌሎቹ ተማሪዎች ላይ በደል ይሆናል። ሊያደርግ የሚችለው ነገር አንድ ነው፤ ስሕተት ካለ ተጣርቶ እንዲታረም ማድረግ። እንግዲህ ማመልከቻው ምሕረት ለሚያደርግ ሰው ሳይሆን ለሚያጣራ ሰው መጻፍ አለበት ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

ማመልከቻው የሚሄድበት መንገድ

ማመልከቻው ከተማሪው እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለአጻጻፉ ይጠቅማል። በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ወይም ጸሐፊዋ ዘንድ ደርሶ ቀንና የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ይገባል። ኃላፊው ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተደርቦ ነው። አንብቦም በራሱ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ይጽፍበታል። ይህ ምሪት የሚባለው ነው። ለምሳሌ «ለትምህርቱ መምህር፤ ድምሩ ተጣርቶ ይገለጽልኝ» ብሎ ፈርሞ ይመራዋል። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን የሚሠራው ሰው የሚከተለው ያንን ምሪት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ማመልከቻ ኃላፊው በአንድ መስመር ሊመራው የሚችል ማመልከቻ ነው። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ማን፣ ምን ወረቀት አውጥቶ፣ ምን ነገር ማየት እንዳለበት ካልገባው፣ የሚጽፈው ምሪት «ይታይ» የሚል ብቻ ይሆናል። «ይታይ» የተባለ ወረቀት ደግሞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ሊቆይ ይችላል። አንድ ተማሪ የጻፈውን ማመልከቻ ከመስጠቱ በፊት ሊፈትነው ቢፈልግ፣ ራሱን በኃላፊው ቦታ አድርጎ በጠርዙ ላይ ምሪት ሊጽፍበት ይሞክር። ምሪቱ የማይመጣለት ከሆነ ጉድለቱ ከማመልከቻው ነው።

ምን ሊጣራ ይችላል?

በውጤት ላይ የሚነሣ ቅሬታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት ዓይነቶችን መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው የሒሳብና የአመዘጋገብ ስሕተት ነው። ነጥብ ሳይደመር ይቀራል፤ የአንዱ ተማሪ ነጥብ በሌላው ስም ይገባል፤ የተረከበ የቤት ሥራ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ዜሮ ይጻፋል። ይህ በማስረጃ የሚረጋገጥና ማንንም የማያከራክር ስለሆነ ለማረም ቀላሉ ነው።

ሁለተኛው የአሠራር ጉድለት ነው። ለምሳሌ በኮርሱ መግለጫ ላይ የመጨረሻው ፈተና ከመቶ 50 ይይዛል ተብሎ ተጽፎ ሳለ በ60 ቢታሰብ፣ ወይም ለሁሉ የተሰጠ ሰዓት ለአንዱ ክፍል ቢያጥር፣ ጉዳዩ የአሠራር ነው። ይህም ከተጻፈው ደንብ ወይም ከኮርሱ መግለጫ ጋር በማስተያየት ይታያል።

ሦስተኛው የመምህሩ የሙያ ፍርድ ነው። ተማሪው «ድርሰቴ 12 ሳይሆን 16 ይገባዋል» ሲል፣ የሚከራከረው ስለ ቁጥር ድምር ሳይሆን ስለ ሥራው ደረጃ ነው። ይህን በውጭ ሰው መለወጥ በብዙ አገር አይፈቀድም። ለምሳሌ በእንግሊዝና በዌልስ የተማሪዎችን አቤቱታ የሚመለከት ነጻ አካል አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ግን ይህ አካል በሙያ ፍርድ ላይ የተመሠረተን አቤቱታ እንዳይመረምር ገድቦታል። አካሉ ዩኒቨርሲቲው ደንቡን ተከትሎ እንደሠራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ድርሰቱን አንብቦ አዲስ ነጥብ ሊሰጥ ግን አይችልም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ትምህርቱን የማያስተምር ሰው የመምህሩን ፍርድ በራሱ ፍርድ ቢተካ ነገሩ ትክክል ሆኗል ለማለት መመዘኛ የለውም።

ይህ ማለት በሦስተኛው ዓይነት ቅሬታ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። የኮሌጁ ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ ተማሪው ሥራው በሌላ የዚያው ትምህርት መምህር እንዲታረም ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስብ። በመጀመሪያ፣ «በቂ አይደለም» ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ጥያቄው ምን እንደጠየቀ፣ መልሱ ያንን በየትኛው ገጽ እንደመለሰና ነጥብ ያልተሰጠበት ክፍል የትኛው እንደሆነ መጠቆም አለበት። ቀጥሎም፣ ሁለተኛው አራሚ ከመጀመሪያው ያነሰ ነጥብ ሊሰጥ እንደሚችል ያስታውስ። ዳግም እርማት ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ መንገድ አይደለም። ስለዚህ ቅሬታው የድምር ብቻ ከሆነ ጥያቄውም የድምር ማጣራት ብቻ ይሁን። ድምር ይጣራልኝ ማለት ሲበቃው ወረቀቴ በሙሉ እንደገና ይታረምልኝ የሚል ተማሪ ያላሰበውን በር ከፍቷል።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪን እናስብ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በድምሩ የ17 ክሬዲት ትምህርት ወስዳለች። ከእነዚህ አንዱ «መግቢያ ስታቲስቲክስ» የተባለ ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት ነው። በመካከለኛው ፈተና ከ20 11፣ በጽሑፍ ሥራ ከ20 12፣ በቃል ፈተና ከ10 5፣ በመጨረሻው ፈተና ከ50 29 ተመዝግቦላታል። ድምሩ 57 ነው። በምሳሌአችን ኮሌጅ ደንብ ከ50 ጀምሮ 60 እስኪሞላ ሲ፣ ከ60 ጀምሮ 65 እስኪሞላ ደግሞ ሲ ፕላስ ነው። የሲ ዋጋ 2.0፣ የሲ ፕላስ ዋጋ 2.5 ነው እንበል። ተማሪዋ በ57 ሲ ተሰጥቷታል።

የመንፈቁ ጠቅላላ የክሬዲት ነጥቧ 33 ሆኗል። ይህ ለ17 ሲካፈል 1.94 ይሆናል። ኮሌጁ ከ2.00 በታች ላገኘ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚቀጥለውን መንፈቅ ትምህርት ይቀንስባታል። ነገር ግን ተማሪዋ የመልስ ደብተሯን ስታይ ለአምስቱ ጥያቄዎች 8፣ 7፣ 6፣ 9 እና 5 ተሰጥቷት አገኘች። ይህ ሲደመር 35 እንጂ 29 አይደለም። የጎደለው 6 ነው፤ በደብተሩ ጀርባ ገጽ ላይ ለተጻፈው ለ3ኛው ጥያቄ መልስ የተሰጠውም ነጥብ 6 ነው። ይህ ቢገባ ጠቅላላ ነጥቧ 63፣ ውጤቷም ሲ ፕላስ ይሆናል። የክሬዲት ነጥቧም በ1.5 ጨምሮ 34.5 ይደርሳል፤ ለ17 ሲካፈል 2.03 ነው። እንግዲህ አንድ ገጽ ሳይገለጥ በመቅረቱ ተማሪዋ ከማስጠንቀቂያ መስመር በታች ወድቃለች።

ይህች ተማሪ በለመደችው አጻጻፍ ብትጽፍ ምናልባት እንዲህ ትል ይሆናል፤

«ከእግዚአብሔር በታች ያለኝ ተስፋ እርስዎ ነዎት። ቤተ ሰቤ ድኻ ነው፤ እኔም ሌሊትና ቀን ሳልል አጥንቼ ሳለሁ መምህሩ ያለ አግባብ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥተውኛል። ከእኔ ያነሰ የሠሩ ጓደኞቼ ከእኔ የተሻለ አግኝተዋል። ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ ውጤቴን እንዲያስተካክሉልኝ እለምናለሁ።»

ይህን ያነበበ ኃላፊ ተማሪዋን ሊያዝንላት ይችላል፤ ነገር ግን የሚያጣራው ነገር አላገኘም። የትኛው ትምህርት እንደሆነ፣ የትኛው ፈተና እንደሆነ፣ ስንት ነጥብ ጎደለ እንደምትል አልተነገረውም። «ያለ አግባብ» የሚለው ቃል ደግሞ ጉዳዩን ከድምር ወደ መምህሩ ጠባይ ያዞረዋል። መምህሩ ሆን ብለው በድለዋል ማለት በሌላ ደንብ የሚታይ ከባድ ክስ ነው፤ ተማሪዋም ለማለት የፈለገችው ይህን አልነበረም። ጓደኞቿን ማንሣቷም የእነርሱ ወረቀት ይከፈት እንደማለት ነው። «እንዲያስተካክሉልኝ» የሚለው ጥያቄ ኃላፊው ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን በእጇ ያለው ጠንካራ ማስረጃ፣ የ8፣ የ7፣ የ6፣ የ9ና የ5 ድምር፣ በማመልከቻው ውስጥ የለም።

ማመልከቻው

ቀጥሎ ያለው ያንኑ ጉዳይ ለሚያጣራ ሰው የተጻፈ ማመልከቻ ነው።

ቀን፦ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
(የኮሌጁ ስም)

ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ፈተና ነጥብ ድምር እንዲጣራልኝ ስለ መጠየቅ

እኔ ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከዚህ በታች የተጻፈው የ1ኛ ዓመት ተማሪ፣ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት «መግቢያ ስታቲስቲክስ» የተባለውን ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት ተከታትያለሁ። የካቲት 17 ቀን በተለጠፈው ዝርዝር ጠቅላላ ነጥቤ 57፣ ውጤቴም ሲ ሆኖ ተመዝግቧል።

የካቲት 19 ቀን የትምህርቱ መምህር ፈቅደውልኝ የመጨረሻውን ፈተና የመልስ ደብተሬን ተመልክቻለሁ። ለአምስቱ ጥያቄዎች የተሰጡት ነጥቦች በቅደም ተከተል 8፣ 7፣ 6፣ 9 እና 5 ናቸው። የእነዚህ ድምር 35 ሲሆን፣ በደብተሩ ሽፋንና በውጤት ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው 29 ነው። ልዩነቱ 6 ነጥብ ነው። ይህም በደብተሩ ጀርባ ገጽ ላይ ለሚገኘው ለ3ኛው ጥያቄ ከተሰጠው ነጥብ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ያ ነጥብ ከድምሩ ሳይገባ የቀረ ይመስለኛል። ይህንኑ ለመምህሩ በቃል ገልጬላቸው፣ ውጤቱ ወደ ሬጅስትራር የተላለፈ ስለሆነ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ እንዳመለክት ነግረውኛል።

ስለዚህ የመልስ ደብተሬ የነጥብ ድምር ተጣርቶ፣ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ውጤቴ በደንቡ መሠረት እንዲታረምልኝ፣ ስሕተት ካልሆነም ምክንያቱ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው መንፈቅ ምዝገባ የካቲት 28 ቀን የሚያበቃ ስለሆነ፣ ቢቻል ከዚያ በፊት መልስ ባገኝ ትልቅ እርዳታ ይሆንልኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ)

አባሪ፦ የተለጠፈው ውጤት ዝርዝር ቅጂ፣ 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለትምህርቱ መምህር

ስለ ማመልከቻው ማብራሪያ

ይህን ማመልከቻ ያነበበ ኃላፊ ምሪቱን ለመጻፍ አይቸገርም። «የመልስ ደብተሩ ወጥቶ ድምሩ ይጣራ» ይላል። ሥራውም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የ«ጉዳዩ» መስመር ራሱ ይህን ምሪት እንደያዘ ልብ ይሏል። «ስለ ውጤት» ወይም «ቅሬታ ስለ ማቅረብ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ኃላፊው የተጠየቀውን ለማወቅ እስከ መጨረሻው መውረድ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ነገር የግሡ አነጋገር ነው። አማርኛ ለአክብሮት የሚሆን በቂ መሣሪያ በግሡ ውስጥ አለው። መምህሩ በማመልከቻው ውስጥ የሚታዩት «ፈቅደውልኝ»፣ «ነግረውኛል» በሚሉ የአክብሮት ግሦች ነው፤ ያደረጉት መልካም ነገር በስማቸው ተጽፏል። ስሕተቱ ግን «ከድምሩ ሳይገባ የቀረ» ተብሎ ባለቤት ሳይጠራ ተገልጿል። «መምህሩ ሳይደምሩ ቀሩ» ቢባል እውነቱ አይለወጥም፤ ነገር ግን ተማሪዋ ያላየችውን ነገር መናገር ይሆንባታል። ያየችው ቁጥሮቹን ነው፤ ማን እንደደመራቸው አላየችም። ደማሪው ረዳት መምህር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ አነጋገር ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛነትም ነው። ሆኖም ሁሉን ነገር ባለቤት በሌለው ግሥ መጻፍ ጉዳዩን ያጨልማል። «ታይቶ ነበር፤ ተነግሮም ነበር» ቢባል ማን አየ፣ ማን ተናገረ፣ መቼ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተማሪዋ ራሷ ያደረገችው በ«ተመልክቻለሁ»፣ መምህሩ ያደረጉት በአክብሮት ግሥ፣ የጎደለው ነገር ብቻ ባለቤት በሌለው ግሥ ሲጻፍ እያንዳንዱ ቦታውን ያገኛል።

«ይመስለኛል» የሚለው ቃልም በአንድ ቦታ ብቻ መግባቱ በምክንያት ነው። ቁጥሮቹ የታዩ ስለሆኑ «ናቸው» ተብሎ ተጽፏል። ስሕተቱ የመጣበት ምክንያት ግን የተማሪዋ ግምት ስለሆነ «ይመስለኛል» ተብሏል። በተቃራኒው «ድምሩ 35 ይመስለኛል» ቢባል እውነቱን ያደክመዋል፤ «መርሳታቸው እርግጥ ነው» ቢባል ደግሞ ግምቱን ከልኩ በላይ ያደርገዋል።

ሦስተኛው በማመልከቻው ውስጥ ያልተጻፈው ነገር ነው። 1.94 የሚለው ቁጥር የለም፤ ማስጠንቀቂያውም አልተጠቀሰም። ለተማሪዋ ከሁሉ የሚያስጨንቃት ነገር ይኸው ሆኖ ሳለ ለምን ቀረ? የ8፣ የ7፣ የ6፣ የ9ና የ5 ድምር ተማሪዋ ብታልፍም ባታልፍም 35 ስለሆነ ነው። ጭንቀቷን መጻፏ ድምሩን አይለውጠውም፤ ይልቁንም አንባቢው ማስረጃውን ትቶ ስለ ርኅራኄ እንዲያስብ ያደርገዋል። የምዝገባው ቀን ግን ተጽፏል፤ ኃላፊው ያንን አውቆ ወረቀቱን ሊያስቀድመው ይችላልና። ልዩነቱ እንግዲህ ይህ ነው፤ አንባቢው ሊሠራበት የሚችለው ነገር ይጻፋል፤ ሊያዝንበት ብቻ የሚችለው ነገር ይቀራል።

አራተኛው «ስሕተት ካልሆነም ምክንያቱ እንዲገለጽልኝ» የሚለው ሐረግ ነው። ምናልባት ለ3ኛው ጥያቄ የተሰጠው 6 በኋላ የተሰረዘ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከአምስቱ ጥያቄዎች አራቱን ብቻ ሥሩ ተብሎ የመጀመሪያዎቹን አራት ትተው ሌላ መንገድ ቆጥረው ይሆናል። ተማሪዋ ይህን በር ክፍት መተዋ ለመምህሩ ክብር ነው፤ ለራሷም መልስ ሳይሰጣት እንዳይቀር ዋስትና ነው። ማመልከቻው ተቀባይነት ቢያጣ እንኳ ምክንያቱን በጽሑፍ ታገኛለች።

ግልባጩ ለመምህሩ መሆኑም የአክብሮት ነገር ነው። መምህሩ ስለ ራሳቸው ሥራ የተጻፈውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ያደርጋል። በአንጻሩ ገና ከመጀመሪያው ለዲኑ፣ ለፕሬዚዳንቱና ለተማሪዎች ማኅበር ግልባጭ ማድረግ የተለየ ትርጉም ይሰጣል። የትምህርት ክፍሉን አላምንም ማለት ነው፤ ከበላይ የመጣም ወረቀት ሁሉ ወደዚያው ትምህርት ክፍል ተመልሶ ስለሚመራ ጊዜ ከመፍጀት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የበላዩ አካል ቦታው የበታቹ ሳይመልስ ሲቀር ወይም መልሱ ደንቡን ሲጥስ ነው።

ከመጻፍ በፊትና ከሰጡ በኋላ

ከላይ ያለው ማመልከቻ ሊጻፍ የቻለው ከመጻፉ በፊት ሁለት ሥራ ስለተሠራ ነው። ተማሪዋ ወደ መምህሩ ሄዳ ደብተሯን አይታለች፤ ነጥቦቹንም እዚያው በወረቀት ገልብጣለች። ደብተሩን ሳያዩ «ከዚህ በላይ ሠርቼ ነበር» ብሎ መጻፍ ግምት ነው። መምህሩ ደብተሩን ለማሳየት ካልተመቻቸው ደግሞ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጠየቅ ያለበት ደብተሩን ማየት እንዲፈቀድለት ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ በኮሌጁ ደንብ ለውጤት አቤቱታ የተወሰነውን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀኑ ካለፈ ትክክለኛው ድምር እንኳ ሳይታይ ሊቀር ይችላልና። ቀኑ ከምን እንደሚቆጠር፣ ውጤቱ ከተለጠፈበት ወይስ ወደ ሬጅስትራር ከተላለፈበት፣ ከደንቡ ላይ ማንበብ ይገባል።

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ገቢ ይደረጋል፤ በሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቀንና የገቢ ቁጥር ጽፎ ማኅተም ያደርግበታል። ይህ በተማሪው እጅ የሚቀረው ቅጂ፣ ወረቀቱ ቢጠፋ ወይም ጊዜው አልፏል ቢባል፣ በጊዜው ማቅረቡን የሚያስረዳ ብቸኛ ማስረጃ ነው። በኋላ ጉዳዩ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅም ስሙን ሳይሆን የገቢ ቁጥሩን ይጥቀስ፤ ጸሐፊዋ ምሪቱን የምታገኘው በቁጥሩ ነውና።

መልሱ ዘግይቶ ሁለተኛ ማመልከቻ ቢያስፈልግ ታሪኩን ከመጀመሪያ መድገም አይገባም። «በገቢ ቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን ያቀረብኩት ማመልከቻ መልስ ስላላገኘ» ብሎ የመጀመሪያውን ቅጂ አባሪ ማድረግ ይበቃል። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ የቃሉ ቁጣ መጨመር የለበትም፤ የሚጨምረው ቀኑና ቁጥሩ ብቻ ነው። ማስተካከያው ከተደረገ ደግሞ ተማሪው ጉዳዩ አልቋል ብሎ መቀመጥ አይገባውም። በትምህርት ክፍሉ የታረመው ውጤት በሬጅስትራሩ መዝገብ ላይ መግባቱን በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ አለበት። በምሳሌአችን ያለችው ተማሪ ከማስጠንቀቂያው የምትወጣው 63 የሚለው ቁጥር በመምህሩ ዝርዝር ላይ ሲጻፍ ሳይሆን፣ 2.03 የሚለው በሬጅስትራሩ መዝገብ ላይ ሲገኝ ነው።